የጨረቃ መስኮት ያለው የእጅ ሰዓት፦ ዲስኩ እንዴት እንደሚዞርና ጥርሱ ሳይሰበር እንዴት እንደሚስተካከል

የገና ዋዜማ ነበር፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2018 ዓ.ም.። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ አንድ የመንዝ መሪጌታ ደብረ ብርሃን ወዳለችው የጥገና ሱቄ ገቡ። ልጃቸው ከውጭ የላከላቸውን ሰዓት ከእጃቸው ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ይህቺ ሰዓት ጨረቃዋን ታስቸኩላለች። ትናንት ሌሊት ለጸሎት ስወጣ ጨረቃ ከጎኗ ትንሽ ብቻ ነው የጎደለችው፤ እዚህ መስኮት ላይ ግን እኩሌታ ልትሆን ደርሳለች» አሉኝ።

ሰዓቷ ጤነኛ ነበረች። ጨረቃዋን ያስቸኮሏት ራሳቸው የኔታ ናቸው፤ ያደረጉትም እዚህ አገር የጨረቃ መስኮት ያለው ሰዓት የያዘ ሰው ሁሉ ሳያውቅ ሊያደርገው የሚችለውን ነው። ከሰዓቱ ጋር የሚመጣው የመመሪያ ወረቀት ሰዓቱን በውጭ አቆጣጠር ለሚሞላና ወሩ 31 ቀን ለሚሆንለት ሰው የተጻፈ ነው። እኛ ግን ቆጣሪውን በስድስት ሰዓት አዛውረን እንሞላለን፣ ወራችንም 30 ቀን ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች ጨረቃዋን እንዴት እንደሚነኩ ለማየት መጀመሪያ ከሰዓቱ ፊት ሥር ያለውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከፊቱ ሥር ያለው

በመስኮቱ የምናያት ጨረቃ በአንድ ክብ ዲስክ ላይ ተሥላለች። ዲስኩ ላይ ያሉት ጨረቃዎች ግን ሁለት ናቸው፣ ትይዩ ሆነው የተቀመጡ። አንዷ በመስኮቱ ስታልፍ ሌላዋ ከፊቱ ሥር ተደብቃ ተራዋን ትጠብቃለች። በመስኮቱ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ጉብታዎች ጨረቃዋን የሚሸፍኑ ናቸው። ጨረቃዋ ከግራው ጉብታ ቀስ እያለች ስትወጣ እየሞላች ትመስላለች፣ መሃል ስትደርስ ሙሉ ትሆናለች፣ ወደ ቀኙ ጉብታ ስትገባ ደግሞ እየጎደለች ትሄዳለች።

የዲስኩ ጠርዝ 59 ጥርሶች አሉት። በቀን አንድ ጥርስ ይገፋል፤ ስለዚህ አንዷ ጨረቃ ቦታዋን ለሁለተኛዋ የምትለቀው በ29 ቀን ተኩል ነው። በየቀኑ የሚገፋው አንዲት ጣት ናት። ትንሿን ቆጣሪ የሚያዞረው ጎማ በ12 ሰዓት አንዴ ይዞራል፤ ከእርሱ ጋር የተያያዘው እጥፍ ጥርስ ያለው ጎማ ደግሞ በ24 ሰዓት አንዴ። ጣቷ የተተከለችው በዚህኛው ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ምንም ሳትነካ ትዞርና ሰዓቱ የራሱ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ከዲስኩ ጥርስ ጋር ትገናኛለች፤ ቀስ ብላ ትገፋና አልፋ ትሄዳለች። በሌላ ወገን ቀጭን ያዥ ሞላ አለች። ጫፏ እንደ ወፍ አፍ የሾለ ነው፤ በሁለት ጥርሶች መካከል ተቀምጣ ዲስኩ በእጅ እንቅስቃሴ እንዳይንሸራተት ታደርጋለች። ዲስኩ ከግማሽ ጥርስ በላይ ሲገፋ ሞላዋ ወደሚቀጥለው ክፍተት ትወድቃለች። በጣታችን የሚሰማን ትንሽ «ጠቅ» እርሷ ናት።

አደጋው ያለው ጣቷ ጥርስ መካከል በገባችበት ሰዓት ነው። በዚያ ጊዜ እኛ ደግሞ የጨረቃ ማስተካከያውን ብንጫን ዲስኩ ወደፊት ሊሄድ ሲል ከኋላ ያለው ጥርስ ጣቷን ይገጥማታል። ጣቷ ከመላው የሰዓቱ ጎማ ጋር የተሳሰረች ስለሆነች ሸሽታ መንገድ አትለቅም። አንዱ መታጠፍ ወይም መሰበር አለበት። ጣቷ ከፕላስቲክ ከሆነች የምትቆረጠው እርሷ ናት፤ ከብረት ከሆነች ቀጭኑ የዲስክ ጥርስ ይታጠፋል። አንድ ጥርስ ከታጠፈ ጨረቃዋ በየሁለት ወሩ በዚያው ጥርስ ላይ ትቆማለች፤ ሰው ግን ምክንያቱን ሳያውቅ በየጊዜው ይገፋታል።

አደጋው በሰማይ ሌሊት አይደለም፣ በሰዓቱ ሌሊት ነው

ብዙ አምራቾች «ከምሽቱ 9 እስከ ንጋቱ 3 ማስተካከያውን አትንኩ» ብለው ይጽፋሉ። ይህ በውጭ አቆጣጠር ነው። አንድ ሰው ወደ እኛ ሲቀይረው ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆንለታል፤ «እንግዲያው ጠዋት አያሰጋም» ብሎ ከእንቅልፉ እንደተነሳ ቁልፉን መጫን ይጀምራል። ሰዓቱን የሞላው በውጭ አቆጣጠር ከሆነ ልክ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሞላው ግን ጥርሱን የሚሰብረው ያኔ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰዓቱ ፀሐይን አያይም፤ የሚያውቀው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገጥሙ ብቻ ነው። ከሁለቱ 12ዎች በአንደኛው ቀኑን ይቀይራል፤ ያ የሰዓቱ እኩለ ሌሊት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት 12 ላይ የሚገጥመው ሲነጋና ሲመሽ ነው። ስለዚህ የሰዓቱ እኩለ ሌሊት ወይ ንጋት 12 ወይ ማታ 12 ላይ ይውላል። ንጋት ላይ ከዋለ አደገኛው ጊዜ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፣ ሰው ሰዓቱን እጁ ላይ የሚያስርበት ሰዓት። ማታ ላይ ከዋለ ደግሞ ከቀኑ 9 እስከ ምሽቱ 3።

ልብ በሉ፣ በሁለቱም ትንሿ ቆጣሪ ከ9 እስከ 3 ባለው የላይኛው ግማሽ ላይ ናት። ነገር ግን በቀን ሁለት ጊዜ በዚያ ስለምታልፍ የትኛው ማለፍ እንደሆነ በቁጥሩ ብቻ አይታወቅም። የሚያሳውቀው የቀኑ ቁጥር ሲቀየር ማየት ነው።

እኔ ደንበኞቼን ቀኑ ንጋት ላይ እንዲቀየር አድርጌ ነው የምሞላላቸው። ማታ ላይ የሚቀየር ከሆነ የቀኑ ቁጥር ከመምሸቱ በፊት መንሸራተት ስለሚጀምር ሰዎች ተሳስተው ያነቡታል።

ከመንካት በፊት፦ እውነተኛ የጨረቃ መስኮት ነው ወይ?

ገበያ ላይ ፀሐይና ጨረቃ የተሣሉበት መስኮት ያላቸው ብዙ ርካሽ ሰዓቶች አሉ። አብዛኞቹ የጨረቃን መሙላትና መጉደል አያሳዩም፤ ቀን ፀሐይ ሌሊት ጨረቃ ያወጣሉ፣ ያ ብቻ ነው። መለያው ይህ ነው፦ የጎን ቁልፉን እስከ መጨረሻው ስቦ ቆጣሪዎቹን ወደፊት 12 ሰዓት ማዞር። ሥዕሉ በግማሽ ዙር ከተቀየረ የቀንና የሌሊት ምልክት ነው፣ የሚስተካከል ጨረቃ የለውም። እውነተኛው የጨረቃ ዲስክ በሙሉ 24 ሰዓት አንድ ጥርስ ብቻ ስለሚሄድ እንቅስቃሴው በዓይን ለመያዝ ያስቸግራል።

ማስተካከሉ

ሥራውን ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ጀምሩ። ቀኑ ንጋት ላይ ለሚቀየር ሰዓት ይህ ከአደገኛው ጊዜ ሩቅ ነው፣ በመጨረሻም ቆጣሪዎቹን ጥቂት ሰዓት ወደፊት ማድረስ ብቻ ይበቃል።

መጀመሪያ የሰዓቱን እኩለ ሌሊት እንፈልጋለን። የጎን ቁልፉን እስከ መጨረሻው ሳቡና ቆጣሪዎቹን ወደፊት እያዞራችሁ የቀኑን ቁጥር ተመልከቱ። 12 ላይ ደርሳችሁ ቁጥሩ ካልተቀየረ ያ የሰዓቱ እኩለ ቀን ነው፣ ቀጥሉ። ቁጥሩ በአንድ ጊዜ የሚዘልም አለ፣ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ቀስ እያለ የሚንሸራተትም አለ። ከተቀየረ በኋላ አታቁሙ፤ ትንሿ ቆጣሪ 6 ላይ እስክትደርስ ወደፊት ቀጥሉ። አንዳንድ ሰዓቶች ጨረቃዋን የሚገፉት ከቀኑ ቁጥር ዘግይተው ነው፤ አንዳንድ አምራቾችም አደገኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 3 ካለው ሰፋ ያደርጉታል። 6 ላይ ስንደርስ ሁሉንም አልፈናል። ወደ ኋላ ግን አታዙሩ። ጣቷ በጥርሱ ጀርባ ስትመጣ እጥፍ ብላ እንድታልፍ ሆና የተሠራችባቸው ሰዓቶች ቢኖሩም ያንተ ከእነርሱ አንዱ መሆኑን ሳትከፍተው አታውቅም።

ቀጥሎ ማስተካከያውን ማግኘት ነው። በብዙ ሰዓቶች በቤቱ ጎን ላይ፣ ጠለቅ ብላ የተቀመጠች ትንሽ ነጥብ ናት። መርፌ ወይም የወረቀት መርፌ አትጠቀሙ፤ ከነጥቡ ከተንሸራተተ ቤቱን ይጭራል፣ ጉድጓዱንም ይቧጥጣል። የእንጨት ስቴኪኒ ጫፉን ትንሽ ዱልዱም አድርጎ መጠቀም ይበቃል። ሰዓቱን ጨርቅ ላይ አስተኝታችሁ ስቴኪኒውን ቀጥ አድርጋችሁ እስከ መጨረሻው ተጫኑ፣ «ጠቅ» ስትል ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። አንድ መጫን አንድ ቀን ነው። ግማሽ ከተጫነ ዲስኩ ተገፍቶ ሞላዋ ክፍተቱ ውስጥ ሳትወድቅ ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ ቆጠራችሁም ይሳሳታል። ያልተለመደ ድርቀት ከተሰማችሁ ወዲያው አቁሙ፤ ወይ ሰዓቱ አደገኛው ጊዜ ላይ ነው፣ ወይ ቀዳዳው ውስጥ ላብና አቧራ ደርቋል። ጉልበት መጨመር ለሁለቱም መፍትሔ አይሆንም።

ነጥብ የሌላቸው ሰዓቶች ጨረቃዋን የሚያስተካክሉት በጎን ቁልፉ ነው። ቁልፉ በመካከለኛው ቦታ ላይ ሆኖ ወደ አንድ ወገን ሲዞር ቀኑ፣ ወደ ሌላው ሲዞር ጨረቃዋ ትሄዳለች። ሕጉ አንድ ነው፤ በቀስታ አዙሩና እያንዳንዷን «ጠቅ» ቁጠሩ።

አሁን ጨረቃዋን በመስኮቱ መሃል ሙሉ እስክትሆን ግፏት። ከዚያ በእውነት ከሞላች ስንት ቀን እንደሆነ ቆጥራችሁ ያንኑ ያህል ጊዜ ተጫኑ። ከሙሉ ጨረቃ መነሣትን የምመርጠው ዓይን መሃልነቷን በቀላሉ ስለሚለይ ነው። ጨረቃ ፈጽማ ስትጠፋ ዲስኩ ላይ ሰማያዊ ብቻ ስለሚታይ አንድ ሁለት ጥርስ መሳሳቱ አይታወቅም።

ጨረቃ መቼ እንደሞላች ማወቅ

በበጋ ዓይን ይበቃል። ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ በምሥራቅ ትወጣለች። ከመሙላቷ አንድ ቀን በፊት ፀሐይ ሳትጠልቅ ከፍ ብላ ትታያለች፤ በማግስቱ ደግሞ መሽቶ 50 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ትወጣለች። ጣርማ በር ላይ የቆመ ሰው ፊቱ እስከ ቆላው ድረስ ክፍት ስለሆነ ይህን ያለ ስሕተት ያያል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ቤትና ዛፍ ስለሚጋርድ ጥቂት ደቂቃ መጨመር ነው።

ክረምት ሲሆን ደመናው አያሳይም። ያኔ የሚያገለግለን የራሳችን የቀን መቁጠሪያ ነው፣ ለዚህ ሥራ እንደ እርሱ የሚመች አላየሁም። ወራችን 30 ቀን ነው፣ የጨረቃ ወር 29 ተኩል ነው፤ ስለዚህ ጨረቃ በየወሩ የምትሞላው ካለፈው ወር ግማሽ ቀን ያህል ቀድማ ነው። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ተጋርዳ ቀልታ ነበር። የጨረቃ ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ በሞላችበት ቀን ብቻ ስለሆነ ያ የተረጋገጠ መነሻ ነው። ከዚያ በኋላ መስከረም 27፣ ጥቅምት 26፣ ኅዳር 25፣ ታኅሣሥ 25፣ ጥር 24 ሞላች። በሁለት ወር አንድ ቀን ወደ ኋላ ይቆጥሩ፣ ጳጉሜን ስትገባ ደግሞ ቀኖቿን ያስቡ፤ ከአንድ ቀን በላይ አይሳሳቱም።

የሥዕሉን ዘንበል ግን ከሰማዩ ጋር አታነጻጽሩ። መስኮቱ የተሣለው በስተሰሜን ርቀው ለሚኖሩ ሰዎች ነው፤ እዚያ ቀጭን ጨረቃ ቆማ ትታያለች። እኛ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ጨረቃችን እንደ ታንኳ ተጋድማ፣ ቀንዶቿ ወደ ላይ ሆነው ትታያለች። አንድ ደንበኛ በዚህ ምክንያት «ዲስኩ ተጣሞ ተገጥሟል» ብሎ ሰዓቱን ሊያስከፍት መጥቶ ነበር። የሚነጻጸረው የብርሃኗ መጠን ነው።

የኔታ ሰዓት

ወደ መሪጌታው ልመለስ። «የኔታ፣ ወሩ ሲያልቅ ቀኑን እንዴት ነው የሚያስተካክሉት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሰዓቷ በ30 ፈንታ እስከ 31 ስለምትቆጥር በየወሩ አንድ ትርፍ ቀን ታመጣለች፤ እርሳቸውም 31ን ለማለፍ ቆጣሪዎቹን ሙሉ 24 ሰዓት ወደፊት ያዞሩ ነበር። ቀኑ 1 ይሆናል፣ ነገር ግን ያቺ ጣት አብራ ዞራ ጨረቃዋንም አንድ ጥርስ ትገፋታለች። መስከረም 27 ላይ ልጃቸው ከሞላላቸው በኋላ የመስከረም፣ የጥቅምትና የኅዳር መጨረሻ አልፈዋል። ሦስት ወር፣ ሦስት ትርፍ ጥርስ። ጨረቃ ከሞላች ሦስተኛ ቀኗ ሲሆን ሰዓቷ ስድስተኛ ትል የነበረው ለዚህ ነው። ጳጉሜን ላይ እንዲሁ ቢያደርጉ ኖሮ ከ6 እስከ 1 ለመድረስ 26 ቀን ሙሉ ይገፏት ነበር።

ሦስቱን ጥርስ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም፣ ማስተካከያው ወደፊት ብቻ ነው የሚገፋው። እኩለ ሌሊቷን ስፈልግ አንድ ቀን ጨመረች፣ ስለዚህ ሰባተኛ ቀን ላይ ደረሰች። 6 ላይ አቁሜ ሁለተኛዋ ጨረቃ መሃል እስክትመጣ ተጫንኩ። በ22ኛው መጫን ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ፣ በ23ኛው ትንሽ ወደ ቀኝ ሆነች። ይህ ጉድለት አይደለም፦ 59 ለሁለት ሲካፈል 29 ተኩል ስለሆነ ከሁለቱ ጨረቃዎች አንዷ ሁልጊዜ ከመሃል ግማሽ ጥርስ ትርቃለች። ጨረቃ የሞላችው ታኅሣሥ 25 ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ስለነበር፣ አሁን ሦስት ቀን ከጥቂት ሰዓት ሆኗታል፤ ስለዚህ 23ኛው ላይ ቆሜ ሦስት ጨመርኩ። ቀኑን በቁልፉ መካከለኛ ቦታ ከ29 ወደ 28 አዞርኩ፤ 30 ጊዜ «ጠቅ» አለ፣ ጨረቃዋ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። በመጨረሻ ቆጣሪዎቹን ከ6 ወደ 9 ሰዓት አደረስኳቸው።

«ለከተራ ማታ ይዩልኝ» አልኳቸው። ጥር 10 ማታ ጨረቃ ፈጽማ የምትጠፋበት ሌሊት ነበር፣ ከሞላችም 15ኛው ቀን። ከጥምቀት በኋላ ደወሉልኝ፦ «ታቦቱ ባደረበት ሰማዩ ጥቁር ነበር፣ መስኮቷም ባዶ ናት።»

በየጊዜው የሚያስፈልጋት

እንግዲህ ወር ሲያልቅ ቀኑን በፈጣን ማስተካከያው ብቻ አስተካክሉ፣ በቆጣሪዎቹ አይሁን፤ ይህንንም ከአደገኛው ጊዜ ውጭ አድርጉ፣ ለቀኑም ሕጉ ያው ነውና። ሰዓቱ ቆሞ ከሰነበተ የቆመበትን ቀን ያህል ጨረቃዋን ተጫኑ፣ ወይም ከሙሉ ጨረቃ ጀምራችሁ ቁጠሩ። የማስተካከያውን ነጥብ እጅ በምትታጠቡበት ወይም ሰዓቱ እርጥብ በሆነበት ጊዜ አትጫኑ፤ ውኃ በዚያ ይገባል።

በደንብ የተያዘችም ብትሆን 59 ጥርስ ያላት ዲስክ ቀስ ብላ ትቀድማለች። የጨረቃ ወር ከ29 ቀን ተኩል በ44 ደቂቃ ያህል ይረዝማል፤ ይህ ተጠራቅሞ በሁለት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ አንድ ሙሉ ቀን ይሆናል። 135 ጥርስ ያለው ጎማ የገባባቸው ውድ ሰዓቶች አንድ ቀን የሚሳሳቱት በ122 ዓመት ነው። ተራዋ ሰዓት ስለምትቀድም መጫን መፍትሔዋ አይደለም፤ አንድ ቀን ከአደገኛው ጊዜ ውጭ ቁልፉን ስባችሁ ለ24 ሰዓት አቁሟት፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት መልሱት፣ ቀኑን ብቻ በፈጣን ማስተካከያው አንድ ጨምሩ። የኔታ ይህን ስነግራቸው ሲያዳምጡ ቆይተው «በባሕረ ሐሳብ 19 ዓመት 235 ጨረቃ ነው፤ ይህቺ ሰዓት በዚያ ጊዜ ስንት ቀን ትቀድማለች?» አሉኝ፣ ሰዓቷን እያዩ። አስበን ሰባት ቀን ሆነ።